አረንጓዴው ሳጥንና ግራጫው ሳጥን

የምሠራበት ቢሮ አየር ጤና ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሥሩ ጎማ ቤቶችና ባትሪ የሚሞሉ ሱቆች አሉ። አራት ሆነን ድረ ገጽ እንሠራለን። አንዱ ዲዛይኑን ይስላል፣ እኔና አንድ ባልደረባዬ ኮድ እንጽፋለን፣ አለቃችን ደግሞ ደንበኛ ያመጣል፤ ካመጣው በኋላም ይፈራዋል። እሱ ደንበኛውን ይፈራል፣ እኛ እሱን እንፈራለን፣ ሥራው እንደዚያ እየተፈራራን ያልቅና ይወጣል።

ቢሮአችን ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። ዲዛይነሩ የገጹን ሥዕል ሠርቶ ይሰጠናል፣ እኛ ሥዕሉን እያየን ኮድ እናደርገዋለን፣ አለቃዬ ደግሞ ሥዕሉንና ገጹን ጎን ለጎን ከፍቶ ያስተያያል። ከተመሳሰለ አለቀ። ካልተመሳሰለ ያ ቀን አይነሳ። አንድ ነገር ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ድረ ገጽ ላይ ሰው የሚጫናቸው ነገሮች በዋናነት ሁለት ናቸው። ሊንክ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል። በተን ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ይልካል፣ ያስቀምጣል፣ ይሰርዛል። መልካቸው እንደፈለጉ የሚያለብሷቸው ልብስ ነው፤ ሊንኩን ሳጥን ማልበስ ይቻላል፣ በተኑንም ተራ ጽሑፍ ማስመሰል ይቻላል። ከውስጥ ግን ሊንኩ ሊንክ፣ በተኑም በተን መሆን አለበት። ይህን የተማርኩት ኮድ መጻፍ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ነው። ስለዚህ አላውቅም ነበር ብዬ የማመካኘው ነገር የለኝም።

ያን ጊዜ የያዝነው ሥራ የአንድ ድርጅት የቅጥር ገጽ ነበር። ድርጅቱ ሰው ደውሎ የጤና መረጃ የሚጠይቅበት የስልክ መስመር ሊከፍት ነው፤ ስልክ የሚያነሱ ሰዎች ይፈልጋል፤ አመልካች በድረ ገጹ በኩል ብቻ ነው የሚመዘገበው። በወረቀት የለም፣ በአካል የለም። ዲዛይነሩ የሳለው ቅጽ ረዘም ያለ ነበር። ከታች ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው አረንጓዴ ነው፣ «ማመልከቻውን ላክ» ይላል። ከጎኑ ያለው ግራጫ ነው፣ «ቀጣይ ሂደት» ይላል፤ እሱ ከማመልከቻው በኋላ ምን እንደሚሆን ወደሚያስረዳ ሌላ ገጽ ይወስዳል። እንግዲህ አረንጓዴው በተን፣ ግራጫው ሊንክ መሆን ነበረበት። ሕፃን ልጅም ብትነግሩት ይገባዋል።

መጀመሪያ አረንጓዴውን በተን አድርጌው ነበር። አለቃዬ አየና ፊቱን አኮሳተረ። ብራውዘር፣ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ለበተን የራሱን ልብስ ነው የሚሰጠው፤ ጠርዝ ያወጣለታል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የገጹን ፊደል አይወርስም። ገጹ ሁሉ በሚያምር ወፍራም የአማርኛ ፊደል ተጽፎ «ማመልከቻውን ላክ» የሚለው ብቻ ቀጠን፣ አነስ ብሎ ቁጭ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? የተበደረ ጽሑፍ ይመስላል» አለኝ።

«አስተካክለዋለሁ።»

«አታስተካክዪው፤ ሊንክ አድርጊውና እኛው እናለብሰዋለን። ከሰዓት ላሳያቸው ነው።»

ፊደሉን እንዲወርስ የሚያደርገው አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር! አላውቀውም አልልም፣ ፈልጌ የማገኘው ነገር ነበር። ግን ከሰዓት ላሳያቸው ነው ተባልኩ፣ ሊንክ አደረግሁት። ሊንኩ የሚሄድበት አድራሻ ስለሌለው ቦታ መያዣ ምልክት ሰጠሁት፤ ሲጫኑት ገጹ ወደ ላይ ይዘላል። አለቃዬ መዝለሉን አልወደደውም። አድራሻውን ጭራሽ አጠፋሁት። አድራሻ የሌለው ሊንክ ላይ ደግሞ ማውዝ ሲያርፍ ቀስቱ ወደ እጅ አይቀየርም፤ እጁን በግድ አመጣሁለት። አረንጓዴ አለበስኩት፣ ሲጫኑት የሚልክ ስክሪፕት፣ አጭር የትእዛዝ ኮድ፣ አሰርኩበት። ቁርጥ በተን መሰለ።

ግራጫው ደግሞ ብራውዘሩ በራሱ ከሚሰጠው ግራጫ በተን ጋር ተመሳሰለና ለውጥ አላስፈለገውም። በተን አድርጌ ተውኩት፤ ሲጫኑት ወደ ሌላው ገጽ እንዲወስድ በስክሪፕት አዘዝኩት። በቅጽ ውስጥ ያለ በተን ካልተከለከለ ቅጹን እንደሚልክም አስታውሼ እንዳይልክ ዓይነቱን ጽፌበታለሁ። በዚያች ጥንቃቄዬ ኮራ ብዬም ነበር። ከዚያ ሁላችንም በማውዝ ሞከርነው፣ ሠራ፣ ወጣ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልናገር። አስኮ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፈው ይኖራሉ፤ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ማየት ያቆሙት በልጅነታቸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የሚደውለውን ተቀብለው ወደየክፍሉ የሚያገናኙ። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ቁጥር በሙሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ ዛሬም ጠይቋቸው፣ የፋይናንሱን፣ የግምጃ ቤቱን፣ የሞተውን ሹፌር ቁጥር ሳይቀር ይነግሯችኋል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያገናኝ ማሽን ገዛ። እሳቸውን ለጥቂት ወራት ያለ ሥራ አስቀመጧቸው፣ በኋላም አመስግነው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ እህታቸው ቤት ናቸው። እህታቸው ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሰው ሲመጣ «እሱ እንኳ ምንም አያስቸግርም» ትላለች፣ እሳቸው ባሉበት። እኔ ብሆን ያቺን ዓረፍተ ነገር አልችላትም ነበር።

ስለ ስልክ መስመሩ ሥራ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እሁድ ከጸሎት ሲወጡ አግኝቻቸው፣ ገጹን የሠራነው እኛ ነን ብዬ ጉራዬንም ነዛሁ። መስፈርቱን አንድ በአንድ አስነበቡኝ። ዕድሜ ከአርባ አምስት ያልበለጠ ይላል።

«ዘንድሮ አርባ አምስት ነኝ» አሉ። «በሚቀጥለው ዓመት ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«እኔ ልሙላልዎት?»

«ኧረ ተይኝ! ስልክ አነሳለሁ የሚል ሰው ማመልከቻውን በሰው እጅ ይልካል? ኮምፒውተሩ ያነብልኛል፣ እኔ እሞላለሁ።»

ያረጀች ላፕቶፕ አላቸው፤ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖባታል። አማርኛውን ይሰባብረዋል፣ ሥራው ግን ሥራ ነው። ማውዝ አይነኩም። ታብ የምትባለዋን ቁልፍ ሲጫኑ ገጹ ላይ ከሚሞላ ወደሚሞላ፣ ከሚጫን ወደሚጫን ነገር ይዘላል፤ ድምፁም ስሙንና ምንነቱን ይነግራቸዋል፤ ጽሑፍ መሙያ፣ ሊንክ፣ በተን። በሦስተኛው ቀን እኛ ቤት ደጃፍ ቆመው «ላክሁት!» ብለው ተጣሩ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አሁንም አልረሳሁትም።

ማመልከቻው ተዘጋ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ከቤተ ክርስቲያናችን ያመለከቱ ሁለት ወጣቶች ለፈተና ተጠሩ። ጋሼ ስልካቸውን ከእጃቸው አያወጡም፤ መታጠቢያ ቤት እንኳ ይዘውት እንደሚገቡ እህታቸው ለእናቴ እየሳቀች ነግራታለች። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ እዚያ ያንቺ ማሽን ውስጥ ስሜን እዪልኝ። ካልመረጡኝ አልመረጡኝም፣ ይገባኛል።»

በነጋታው ቢሮ ገብቼ የአመልካቾቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ስማቸውን ፈለግሁ፣ የለም። በአባታቸው ስም ፈለግሁ፣ በስልካቸው ፈለግሁ፣ የለም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር እናዘዛለሁ፤ «አለማየታቸው ነው፣ የሆነ ነገር ተሳስተዋል» አልኩ በልቤ። እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩባቸው፤ ልሙላልዎት ብያቸው ነበር እኮ።

ላፕቶፕዎን ይዘው ይምጡ ብያቸው ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ቢሮ መጡ። ከአስኮ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ደግሞ አየር ጤና፣ በሁለት ታክሲ። ፌርማታው ላይ ጠብቄ ክንዴን ሰጠኋቸው፣ ሦስቱን ፎቅ ወጣን፣ ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱ። ገጹ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እኛ ጋ ግን ለሙከራ የምንጠቀምበት ግልባጩ አለ። እሱን አወጣሁላቸውና «ያን ቀን ያደረጉትን ያድርጉ» አልኳቸው።

ሞሉ። ከእኔ ይፈጥናሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ልምድ። መጨረሻው ላይ ደርሰው ታብን ተጫኑ። ድምፁ «ቀጣይ ሂደት፣ በተን» አለ።

አረንጓዴው ከፊቴ አለ። ከግራጫው ፊት፣ ትልቅ ሆኖ፣ የሚያበራ። ታብ አልቆመበትም። አድራሻውን ያጠፋሁበት ሊንክ ስለሆነ ኮምፒውተሩ እንደሚጫን ነገር አይቆጥረውም። ለእሱ ቀለም የተቀባ ጽሑፍ ነው።

«ቆይ ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ላክ የሚል አልሰሙም?»

«በቀስት ቁልፎቹ መስመር በመስመር ሳነብ ሰምቻለሁ። በተን አላለኝም፤ ሊንክም አላለኝም። የመመሪያ ጽሑፍ መሰለኝ፣ ከዚህ በኋላ ላክ እንደሚል። ከዚያ በተን መጣ። ቅጽ መጨረሻ ላይ ያለ በተን ደግሞ ይልካል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።»

እስፔስ የሚባለውን ረጅሙን ቁልፍ ተጫኑ። ግራጫው በታማኝነት ወደ ሌላው ገጽ ወሰዳቸው፤ ድምፁም እየተሰባበረ «ማመልከቻዎ ከደረሰን በኋላ በስልክ እንጠራዎታለን» ሲል አነበበ።

«ይኸው» አሉ። «ደረሰን አለኝ። ከዚያ ስልኬን ስጠብቅ ነበር።»

እሳቸው አልተሳሳቱም። በሕጉ መሠረት ሄዱ፤ ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። መሙያው ላይ ሆነው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ቢጫኑ እንኳ አይላክም ነበር፤ እውነተኛ የመላኪያ በተን ቅጹ ውስጥ የለማ። የሚልከውን ከጆሯቸው ደብቄ፣ የማይልከውን በተን ነኝ አስብዬ አቀረብኩላቸው። ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እና ሌላው ሰው ላከ?» አሉ።

«አዎ።»

«የሚያየው ሁሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

አለቃዬ ከኋላ ቆሞ ሰምቶን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዲያው ስልኩን አነሳና ለድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ደወለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። የአንድ አመልካች ማመልከቻ እንዳልደረሰ ነገራት። ሴትዮዋ በትሕትና ነው የምትናገረው።

«ፈተናው እኮ ቅዳሜ ተሰጥቶ አልቋል። ችግሩ ከሲስተሙ ነው?»

አለቃዬ እኔን አየኝ። የገጹ ቀጣይ ውል ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ገና ያልተፈረመ።

«አይ፣ ሲስተሙ ደህና ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር ነገር ነው፤ ለየት ያለ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት።»

እኔ ከስልኩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። «ውሸት ነው» ለማለት አፍ መክፈት ብቻ ነበር የሚፈልገው። አልከፈትኩም። ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እኔ፣ ከየት አቅጣጫ እንደምተነፍስ ያውቃሉ። ሴትዮዋ «እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ያመልክቱ» ብላ ዘጋችው። በሚቀጥለው ማስታወቂያ አርባ ስድስት ናቸው።

ወደ ታክሲው ሸኘኋቸው። ቢቆጡኝ እወድ ነበር።

ከሰዓት ገጹን አስተካከልኩት። አረንጓዴውን እውነተኛ የመላኪያ በተን አደረግሁት፤ ፊደሉን ከገጹ እንዲወርስ ያቺን አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ጠርዙን አነሳሁ፣ አረንጓዴውን መለስኩ። ግራጫውን አድራሻ ያለው ሊንክ አድርጌ ሳጥኑን አለበስኩት፣ ከሥሩ የሚሰመረውን መስመር አጠፋሁ። በታብ ሲደረስባቸው የት እንዳሉ የሚያሳየውን የዙሪያ መስመርም፣ አለቃዬ አስቀያሚ ነው ብሎ ያስጠፋኝን፣ ለሁለቱም መለስኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት። ሥዕሉንና ገጹን ጎን ለጎን አስተያየ።

«ምን ተቀየረ?» አለ።

ለዓይን ምንም አልተቀየረም ነበር።

ማክሰኞ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ በራሴ ስም ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ ሰውየው በሰዓቱ ሞልተው እንደነበር፣ ሁሉንም። አለቃዬ ቢያውቅ እንደሚያባርረኝ አስቤ ነበር፤ ጀግና ነኝ ብዬም ትንሽ ተጽናናሁ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ስለ ግልጽነቴ አመስግና፣ ዝርዝሩ ስለተዘጋ በሲስተሙ ያልተመዘገበ ሰው መጨመር እንደማይቻል፣ ኦዲተር የሚያየው ዝርዝሩን ብቻ እንደሆነ ጽፋለች። በጣም አዝናለች። የተመረጡት ሰዎች ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። አለቃዬም ስለ ደብዳቤው ሰምቶ ኖሮ አላባረረኝም፤ «ይሁን፣ አልፏል» አለኝ። ውሉም ተፈረመ። ድፍረቴ ማንንም አልጎዳም፣ ማንንም አልጠቀመም።

ልነግራቸው ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። እህታቸው ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች፤ «ግቢ፣ ግቢ፣ አለ፣ የት ይሄዳል ብለሽ ነው» አለችኝ። የደብዳቤውን መልስ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ሲያዳምጡ ኦፕሬተር ሆነው ይመስለኛል፤ አላቋረጡኝም።

«ጻፍሽላት እንግዲህ» አሉ ሲያበቃ።

«በስልኩ ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ።»

«እሱማ አዎ።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ከዚያ «አስተካከልሽው ወይ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እስቲ ልየው።»

በላፕቶፓቸው የሙከራውን ግልባጭ ከፈትኩላቸው። እንደገና ሞሉት፣ ምንም ሳያሳጥሩ፣ የሥራ ልምዳቸውን ከነዓመተ ምሕረቱ። ሸሚዛቸውን ቀና አድርገው ታብን ተጫኑ። «ማመልከቻውን ላክ፣ በተን» አለ ድምፁ። እጃቸው ቆመ። አንዴ ታብ ብለው አለፉት፤ «ቀጣይ ሂደት፣ ሊንክ።» ተመለሱ። «ማመልከቻውን ላክ፣ በተን።» ሦስት ጊዜ ያህል እንዲህ ሄደው መጡ፣ ደረጃ ሲወጡ በእግራቸው እንደሚሞክሩት። ከዚያ እስፔስን ተጫኑ።

«ማመልከቻዎ ደርሶናል።»

«ደረሰ?» አሉ።

«ደረሰ ጋሼ።»

«ማን ጋ?»

ማንም የማያየው፣ እኛ ለመሞከር የከፈትነው፣ ገጹን እንደገና በጫንን ቁጥር የሚጠፋ ዝርዝር ውስጥ ነበር የደረሰው። ስማቸው ከላይ ለብቻው ተቀምጧል።

«እኔ ጋ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ላፕቶፑን ከደኑ፣ ስልካቸውንም ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።